በልደታ መጣ፣ በባለወልድ ደገመ
የወር አበባን ቆጥሮ፣ መዝግቦ ለሐኪም ስለማቅረብ

«ዶክተር፣ በወር ሁለቴ እየመጣብኝ ነው።»

ይህን አባባል ያልሰማ የማሕፀን ሐኪም የለም ማለት ይቻላል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ የቀን መቁጠሪያው ያመጣው ጣጣ ነው። ሁለቱን የሚለየው ሴትዮዋ ይዛ የመጣችው ወረቀት ነው።

ነገሩን በአንዲት ሴት እንየው። ለዚህ ጽሑፍ ያዘጋጀኋት ምሳሌ ናት፤ ዕድሜዋ 34፣ የአንደኛ ደረጃ መምህርት፣ የሁለት ልጆች እናት እንበላት። በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ ልደታ ዕለት የወር አበባዋ መጣ። ወሩ ሳያልቅ በባለወልድ ደገማት። ከዚያ በመስከረም ዑራኤል ዕለት መጣባት፤ ከነሐሴ 29 እስከ መስከረም 22 በጣቷ ስትቆጥር 23 ቀን ሆነ። መጀመሪያ በወር ሁለቴ፣ ቀጥሎ በ23 ቀን! «ተዛብቶብኛል» ብትል ማን ይፈርድባታል?

ግን አልተዛባም። ከነሐሴ 1 እስከ ነሐሴ 29 ያለው ልዩነት 28 ቀን ነው። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ፣ በየ28 ቀኑ የሚመጣ የወር አበባ በየወሩ ሁለት ቀን ወደ ኋላ እየተሳበ ይሄዳል፤ በወሩ መጀመሪያ ላይ ሲደርስ ደግሞ በአንድ ወር ሁለት ጊዜ መገኘቱ አይቀርም። የመስከረሙ ስሕተት ከጳጉሜን ነው። ከነሐሴ 29 እስከ ነሐሴ 30 አንድ ቀን፣ ጳጉሜን አምስት ቀን፣ ከመስከረም 22 ቀን፤ ድምሩ 28። ጳጉሜንን ዘልላ ስለቆጠረች አምስት ቀን ጠፋባት።

ታዲያ መምህርቷ ደህና ናት ማለት ነው? አይደለም። በየወሩ በሁለተኛው ቀን ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ሁለት ሞዴስ ደርባ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው። ከወንበር በተነሣች ቁጥር ዞር ብላ ወንበሩን ታያለች። ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል። ሕመሟ ያለው በቀኑ ላይ ሳይሆን በመጠኑ ላይ ነው። «በወር ሁለቴ» ብላ ብትገባ ግን ሐኪሙ ጥያቄውን የሚጀምረው ከቀኑ ነው፤ መጠኑን ለማንሣት ጊዜ ላይተርፍ ይችላል።

አንደኛው ቀን የቱ ነው?

ሐኪም ቤት ስንገባ ከሚቀድሙት ጥያቄዎች አንዱ «የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?» የሚለው ነው። የሚፈለገው የጀመረበት ቀን እንጂ ያበቃበት አይደለም። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ገላችንን ታጥበን የጨረስንበት ቀን ቶሎ ትዝ ስለሚለን፣ «ባለፈው እሑድ» ብለን መጨረሻውን እንናገራለን። ነፍሰ ጡር ሴት እንዲህ ከመለሰች የጽንሱ ዕድሜ በአንድ ሳምንት ያህል ይሳሳታል።

አንደኛው ቀን የሚባለው ደሙ በደንብ ፈስሶ ሞዴስ ወይም ጨርቅ ያስፈለገበት ቀን ነው። ከዚያ በፊት ባለው ቀን የውስጥ ልብስ ላይ የታየች ቡናማ ጠብታ አትቆጠርም፤ ለብቻዋ «ጠብታ» ተብላ ትጻፋለች። የዑደቱ ርዝመት ደግሞ ከአንደኛው ቀን እስከሚቀጥለው አንደኛ ቀን ያለው ልዩነት ነው። ደሙ ከቆመበት ተነሥቶ የሚቆጥር ሰው ዑደቱን በአምስትና በስድስት ቀን ያሳጥረዋል፤ ያኔ ጤነኛውም ሰው የታመመ ይመስላል።

ለአዋቂ ሴት ከ24 እስከ 38 ቀን ያለው ዑደት እንደ ጤናማ ይታያል። ደሙ እስከ ስምንት ቀን ቢቆይ ችግር የለውም። ወሩ ከወር ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢልም ያለ ነገር ነው፤ የአንዲት ሴት አጭሩና ረጅሙ ዑደት በሰባት ወይም በዘጠኝ ቀን ሊራራቅ ይችላል። የወር አበባ ማየት ከጀመረች ገና ጥቂት ዓመት የሆናት ልጅ ደግሞ እስከ 45 ቀን ብትቆይ አያስደነግጥም። ስለዚህ አንድ ወር ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም፤ ቢያንስ ሦስት አንደኛ ቀኖች ተጽፈው ሁለት ሙሉ ዑደት መታየት አለበት።

መቁጠሩ ለእኛ ሴቶች አዲስ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ለመግባትም ሆነ ለመቁረብ ቀኗን የምታሰላ፣ የረመዳንን ያመለጠ ጾም ለመክፈል ቀናቱን በልቧ የያዘች ስንት እናት አለች! ቀኑን በታቦት ስም ማስታወሱም ቢሆን ጥሩ ዘዴ ነው፤ «በሚካኤል» ያለች ሴት 12 ቀን እንደሆነ አትስተውም። የሚጎድለው ከታቦቱ ጎን ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን መጻፍ፣ ከዚያም በወራቱ መካከል ያለውን ቀን መቁጠር ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ለዚህ ይበቃል፤ ጳጉሜንም ስላለበት በጣት ከመቁጠር ይሻላል። የመጀመሪያውን ቀን በእስክሪብቶ ክበቢው፣ የመጨረሻውን ቀን በጭረት ምልክት አድርጊበት፤ በመካከል ያለውን አንድ በአንድ ቁጠሪ።

የስልኩ መተግበሪያ የሚያውቀውና የማያውቀው

ስልክ ላይ የሚጫኑት መተግበሪያዎች ይህን ቆጠራ ራሳቸው ይሠሩታል። አንደኛውን ቀን ስትነኪ ይመዘግባሉ፣ ርዝመቱን ያወጣሉ፣ ቀጣዩን ይተነብያሉ። አብዛኞቹ የሚሠሩት ግን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። የመምህርቷ ነሐሴ 29 በስልኩ ላይ ሴፕቴምበር 4 ነው፤ መስከረም 22 ደግሞ ኦክቶበር 2። ጤና ጣቢያ ውስጥ ካርድ ላይ የሚጻፈው የእኛ ቀን ነው፤ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለች እህት ደግሞ የምትጠየቀው በፈረንጁ ነው። በአንደኛው አቆጣጠር የያዝሽውን ቁጥር በሌላው ውስጥ ካስገባሽ መዝገቡ በሙሉ ይበላሻል። አንዱን መርጠሽ በዚያ ዝለቂ፤ ወደ ሐኪም ስትሄጂ ብቻ የአንደኛውን ቀን ሁለቱንም ጻፊ።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ ትንበያው ግምት መሆኑ ነው። መተግበሪያው ያለፉትን ዑደቶችሽን አማካይ ወስዶ ወደፊት ይወረውራል እንጂ ሰውነትሽ ውስጥ የሚሆነውን አያይም። ዑደቶችሽ 26፣ 34 እና 30 ቀን ከነበሩ «በ30 ቀን ይመጣል» ይልሻል፤ ከሦስቱ ግን ሁለቱ በ30 ቀን አልመጡም። በሥዕል ደምቆ የሚታየው «የማርገዣ ቀን»ም እንዲሁ ነው። እንቁላል የምትለቀቀው ከሚቀጥለው የወር አበባ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ነው፤ ስለዚህ የወር አበባው ካልመጣ ቀኑ የቱ እንደነበር በእርግጠኝነት አይታወቅም። በቀን ስሌት ብቻ በሚሠራ ትንበያ ተማምኖ እርግዝናን እከላከላለሁ ማለት ብዙዎችን ላልታሰበ እርግዝና ዳርጓል።

አንድ ወር መመዝገብ ከተረሳስ? መተግበሪያው መርሳትሽን አያውቅም። 28 እና 28 ቀን የነበሩትን ሁለት ዑደቶች አንድ የ56 ቀን ዑደት አድርጎ ይይዛቸዋል፤ አማካዩም ይዛባል። በመዝገብሽ ውስጥ ድንገት እጥፍ የሆነ ቁጥር ካየሽ መጀመሪያ የምትጠረጥሪው ይህን ነው። ቀኑ በትክክል ትዝ ካለሽ ሙዪው፤ ካላስታወስሽ ግን ግምት ጽፈሽ ክፍተቱን አትድፈኚ። ለሐኪም «ይህን ወር አልመዘገብኩም» ማለት ከተሳሳተ ቀን ይሻላል።

የእርግዝና መከላከያ የምትጠቀም ሴት ደግሞ ትንበያውን ጨርሶ ብትተወው ይሻላታል። የሦስት ወሩ መርፌና በክንድ የሚቀበረው ደሙን ሊያቆሙት፣ ወይም ሳይታሰብ ጠብ ጠብ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ከመዳብ የተሠራው ሉፕ ደሙን ሊያበዛው ይችላል፤ የየቀኑን ክኒን በምትወስድ ሴት ላይ በየወሩ የሚታየው ደም ሆርሞን የሌላቸው ቀናት የሚያመጡት እንጂ የራሷ ዑደት አይደለም። እንዲህ ላለች ሴት ዋናው መረጃ መቼ ምን እንደጀመረች፣ መቼ እንዳቋረጠች፣ ደሙ ከዚያ ወዲህ በምን ቀን እንደታየ ነው። ድንገተኛ መከላከያ ክኒን የወሰደችበት ቀንም ይጻፍ፤ ቀጣዩን የወር አበባ ሊያስቀድመው ወይም ሊያዘገየው ይችላልና።

ከመጫንሽ በፊት አንድ ነገር እዪ፦ መረጃው የት ነው የሚቀመጠው? በዓለም ላይ በሰፊው ከሚታወቁት አንዱ የሆነው ፍሎ፣ የተጠቃሚዎቹን የጤና መረጃ ለሌሎች ኩባንያዎች አሳልፎ ሰጥቷል ተብሎ በአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ክስ ቀርቦበት በ2021 እ.ኤ.አ. በስምምነት ጨርሷል። መረጃውን ስልኩ ላይ ብቻ የሚያስቀምጡ፣ እንደ ድሪፕ ያሉ መተግበሪያዎችም አሉ። ስልኩን ሌላ ሰው የሚነካው ከሆነ ግን ከሁሉም የምትበልጠው በጡት መያዣ መሳቢያ ውስጥ የምትቀመጥ ትንሽ ደብተር ናት።

«ብዙ» ስንት ነው?

አሁን ወደ መምህርቷ እውነተኛ ችግር እንመለስ። «ደሙ ይበዛብኛል» የሚለው ቃል ለሐኪም የሚነግረው ጥቂት ነው። በሕይወቷ ሙሉ ብዙ ሲፈስሳት የኖረች ሴት «እንደ ማንም ነው» ትላለች፤ ሌላዋ ትንሽ ስትጨምርባት ትደነግጣለች። ለዚህ መላ የተዘየደው በ1990 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ነው፤ ሐኪሞች የሞዴስን ሥዕል አስቀምጠው ለእያንዳንዱ ነጥብ የሚሰጥ ሠንጠረዥ አዘጋጁ። ዛሬም ይሠራበታል፤ ቤት ውስጥም ያለ ምንም መሣሪያ ይቻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞዴስ በተቀየረ ቁጥር ታየዋለች። ትንሽ ብቻ ከነካው 1 ነጥብ፣ ከፊሉ ከራሰ 5 ነጥብ፣ ዳር እስከ ዳር ከጠገበ 20 ነጥብ። ትንሽ የረጋ ደም ከወጣ 1፣ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያክል ከወጣ 5፣ ደሙ አልፎ ልብስ ወይም አንሶላ ካበላሸ ደግሞ 5 ይጨመራል። ሁሉም ቀን ተደምሮ ወደ 100 ከደረሰ ወይም ካለፈ፣ የፈሰሰው ደም 80 ሚሊ ሊትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል ተብሎ ይገመታል፤ በእኛ ልክ አንድ የቡና ሲኒ ሙሉ ያህል ማለት ነው። በየወሩ ይህን ያህል የሚፈስሳት ሴት ውሎ አድሮ የደም ማነስ የሚይዛት ብረት ማዕድኗ ስለሚያልቅ ነው።

መምህርቷ በነሐሴ ባለወልድ የጀመረውን የወር አበባ ደብተሯ ላይ እንዲህ ጻፈችው፦

ነሐሴ 29 (1ኛ ቀን)፦ ሁለት ከፊል፣ አንድ ትንሽ። ነጥብ 11።
ነሐሴ 30፦ አራት ሙሉ፣ ሁለት ከፊል፣ አንድ ትልቅ የረጋ ደም፣ አንድ ጊዜ ልብስ አበላሸ። ነጥብ 100።
ጳጉሜን 1፦ ሦስት ሙሉ፣ ሁለት ከፊል፣ አንድ ትልቅ የረጋ ደም። ነጥብ 75።
ጳጉሜን 2፦ ሦስት ከፊል። ነጥብ 15።
ጳጉሜን 3፦ ሁለት ከፊል። ነጥብ 10።
ጳጉሜን 4፣ ጳጉሜን 5፣ መስከረም 1፦ በቀን ሁለት ትንሽ። ነጥብ 6።
ድምር 217።

ይህች ገጽ «ይበዛብኛል» ከሚለው ቃል የበለጠ ትናገራለች። ደሙ የቆየው ስምንት ቀን ነው፤ ከጤናማው ልክ አላለፈም። ዑደቱ 28 ቀን ነው፤ እሱም ደህና ነው። መጠኑ ግን ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ከሁለት መቶ አሥራ ሰባቱ ነጥብ 175ቱ የመጣው በሁለት ቀን ብቻ ነው። የረጋ ደም አለ፤ ልብስ የሚያበላሽበት ጊዜም አለ። ይህን ያየ ሐኪም ማሕፀን ውስጥ ማዮማ ወይም ሌላ እብጠት ይኖር እንደሆነ፣ የደም ማነስ ደርሶባት እንደሆነ ወዲያው ያስባል።

ዘዴው ልኬት ሳይሆን ግምት መሆኑን አትርሺ። ሞዴስ ሁሉ እኩል አይመጥም፤ የሌሊቱ ከቀኑ ይበልጣል። ስለዚህ የትኛውን ዓይነት እንደተጠቀምሽ ጻፊ፣ በየወሩም ያንኑ ተጠቀሚ። ሳይጠግብ ለንጽሕና ብለሽ የቀየርሽውን «ሙሉ» አትበይው። የሚታጠብ ጨርቅ የምትጠቀም ሴት ነጥቡ በትክክል ላይሠራላት ይችላል፤ እሷ ጨርቁ በስንት ሰዓት እንደሚጠግብ፣ ሌሊት ለመቀየር ስንት ጊዜ እንደምትነሣ ትመዝግብ። ድምሩ 90 ሆኖ ከሥራ የሚያስቀርሽ ከሆነም ሕክምና ይገባሻል፤ ሐኪሞች ከነጥቡ እኩል የሚጠይቁት የወር አበባው ኑሮሽን ምን ያህል እንዳወከው ነው።

የሕመሙ መዝገብ

ከደሙ ጎን የሚጻፈው ምልክት ብዙ መሆን የለበትም። መተግበሪያዎቹ ብጉርን፣ እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትንና ሌላ ሠላሳ ነገር በሥዕል ይደረድራሉ፤ ሁሉንም ለመሙላት የሞከረች ሴት በሁለተኛው ሳምንት ትሰለቻለች። የሚያስቸግርሽን ሁለት ወይም ሦስት ነገር ብቻ ምረጪ። ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር ይበቃል፦ ምን ያህል እንደከፋ ከ0 እስከ 10፣ ምን እንዳስቀረብሽ፣ ምን ወስደሽ ምን እንዳደረገልሽ።

«ሆዴን ቆረጠኝ» ብለሽ ከመተው «2ኛ ቀን፣ እንብርቴ ሥር፣ 8፤ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሳላስተምር ቀረሁ፤ ጠዋት 2 ሰዓት አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ወሰድኩ፣ 4 ሰዓት ላይ ወደ 4 ወረደ» ብለሽ ብትጽፊ ሐኪሙ ቁርጠቱ ለተለመደው መድኃኒት እንደሚታዘዝ ያውቃል። «ሁለት ጊዜ ወሰድኩ፣ ምንም አልቀነሰም» ከሆነ ሌላ መንገድ ያስባል። ሕመሙ የወር አበባው ሳይመጣ ቀናት ቀድሞ የሚጀምር፣ ሰገራ ስትቀመጪ የሚወጋ፣ ወይም በግንኙነት ጊዜ የሚያም ከሆነ ይህን ለይተሽ ጻፊው። ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለው፣ የማሕፀንን የውስጥ ሽፋን የመሰለ ሕዋስ ከማሕፀን ውጭ የሚበቅልበት ሕመም ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው በእነዚህ ምልክቶች ነው፤ ሴቶች ደግሞ ካልተጠየቁ አያነሷቸውም።

በደህናውም ቀን ጻፊ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ያለሱ ግን መዝገቡ ግማሽ ነው። ከወር አበባዋ በፊት ሆድ የሚብሳት፣ በልጆቿ የምትጮኽ፣ ኋላም የምታለቅስ ሴት አለች እንበል። ጭንቀቱ ከዑደቱ ጋር የተያያዘ መሆኑን ለማወቅ ሐኪሙ የሚያየው ምልክቱ በመጨረሻው ሳምንት ወጥቶ፣ ደሙ ከመጣ በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ መክሰሙን፣ ቀጥሎ ያለው ሳምንትም ንጹሕ መሆኑን ነው። ቢያንስ ሁለት ዑደት በየዕለቱ ተመዝግቦ ካልታየ ይህ አይለይም። ክፉውን ቀን ብቻ የጻፈች ሴት ባዶው ቀን ደህና የዋለችበት ይሁን የረሳችው አይታወቅላትም። «ደህና» ብለሽ ብትጽፊ ወይም ነጥብ ብታደርጊ ይበቃል።

ግማሽ ገጽ

የሦስት ወር ደብተር ወይም የስልክ ሥዕል ለሐኪም አይሰጥም። ተራ በበዛበት ክፍል ውስጥ ስልክ እየከፈቱ ወደ ኋላ መመለስ የሁለታችሁንም ጊዜ ይበላል። ከቀጠሮው በፊት በነበረው ምሽት ደብተሩን ከፍተሽ ግማሽ ገጽ ላይ አጠቃልዪው። የመምህርቷ ወረቀት ይህን ይመስላል፦

የመጣሁበት ምክንያት፦ የወር አበባዬ በጣም ይበዛል፣ ድካምና የልብ መምታት አለኝ፤ ከጀመረ ዓመት ሆኖታል።
የመጨረሻው የጀመረበት ቀን፦ መስከረም 22/2018 (ኦክቶበር 2/2025)።
ያለፉት፦ ሐምሌ 3፣ ነሐሴ 1፣ ነሐሴ 29። በየ28 ቀኑ፣ 8 ቀን ይቆያል።
መጠን፦ የነሐሴ 29 ነጥብ 217፣ የመስከረም 22 ነጥብ 198። በ2ኛና በ3ኛ ቀን ትልልቅ የረጋ ደም አለ።
ያስቀረብኝ፦ በሁለት ወር ሦስት ቀን ከሥራ።
በመካከልና ከግንኙነት በኋላ ደም፦ የለም።
መድኃኒት፦ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም፣ ለቁርጠት ብቻ። የእርግዝና መከላከያ የለም።
ወሊድ፦ ሁለት፣ ሁለቱም በምጥ። ውርጃ የለም።
በቤተሰብ፦ እናቴ በማዮማ ማሕፀኗ ወጥቷል።
ጥያቄዬ፦ ምክንያቱ ምንድን ነው? ደሜ አንሷል ወይ? ሌላ ልጅ ስለምፈልግ ለዚያ የማይከለክል ሕክምና አለ ወይ?

የመጀመሪያው መስመር ከሁሉ የሚያስጨንቅሽ መሆን አለበት። ብዙ ሴት ከራስ ምታት ጀምራ፣ ስለ ጨጓራዋ ነግራ፣ የመጣችበትን ዋና ነገር በር ላይ ቆማ «ዶክተር፣ ደግሞ…» ብላ ታነሣዋለች፤ ያኔ ቀጣዩ ሰው ገብቷል። የመጨረሻው መስመር ላይ የሰፈረው ልጅ የመፈለግ ጉዳይም ሕክምናውን ስለሚለውጠው ቀድሞ መታወቅ አለበት። ደምን ለመቀነስ ከሚሰጡት መድኃኒቶች ውስጥ እርግዝናን የሚከለክሉም የማይከለክሉም አሉ።

ከባል ወይም ከአማት ጋር የምትገባ ሴት በአፏ ልትናገረው የማትችለው ነገር ይኖራል፦ የቀድሞ ውርጃ፣ በስውር የወሰደችው መርፌ፣ በግንኙነት ጊዜ ያለው ሕመም። ይህን በሌላ ቁራጭ ወረቀት ጽፋ ለሐኪሙ ወይም ለነርሷ መስጠት፣ ወይም ለምርመራ ስትገባ ብቻዋን እንድትሆን መጠየቅ ትችላለች። የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች ስም ከማስታወስ ይልቅ ከነካርቶናቸው በፌስታል ይዘሽ ሂጂ፤ የባህል መድኃኒትም ከሆነ አትደብቂ።

መዝገብ እስኪሞላ የማይጠበቅበት ጊዜ

ሦስት ወር ቆጥሬ እሄዳለሁ የማይባልባቸው ሁኔታዎች አሉ። ሙሉ ሞዴስ በየሰዓቱ እየጠገበ ሁለት ሰዓት ካለፈ፣ በተለይ ማዞር ወይም ራስን መሳት ካለ፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። የወር አበባዋ የዘገየባትና አሁን ደም እያየች በአንድ ጎን የሆድ ታችኛው ክፍል አጥብቆ የሚያማት ሴት ጽንስ ከማሕፀን ውጭ ሊሆን ስለሚችል አትቆይ። ደም ከትኩሳትና ከሚሸት ፈሳሽ ጋር ከመጣም እንዲሁ።

ሌሎቹ አስቸኳይ ባይሆኑም መዝገብ አይጠብቁም። ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም ከማሕፀን በር ካንሰር ጋር ሊያያዝ ስለሚችል አንድ ጊዜም ቢሆን ይነገር። የወር አበባዋ ቆሞ ዓመት ካለፋት በኋላ ጠብታም ብትሆን ደም ያየች እናት «ተመለሰልኝ» ብላ አትደሰት፤ ትመርመር። ሦስት ወር የቀረባት ሴት ደግሞ መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ ታድርግ፣ ከዚያ ሐኪም ትይ።

ከሐኪሙ በኋላ

መምህርቷ በጥቅምት መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ቀረበች እንበል። ወረቀቱን አንብቦ የእርግዝና፣ የደምና የአልትራሳውንድ ምርመራ አዘዘ። ሄሞግሎቢኗ 9.8 ሆነ። ላልረገዘች ሴት ከ12 በታች የደም ማነስ ነው፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ የምትኖር ሴት ደግሞ ሰውነቷ ለቀጭኑ አየር ብዙ ቀይ ደም ሕዋስ ስለሚያመርት ከዚያም ከፍ ያለ ሊኖራት ይገባ ነበር። አልትራሳውንዱ ትንሽ ማዮማ አሳየ። የአይረን ክኒን፣ በወር አበባዋ ቀናት ብቻ የሚወሰድ ደም የሚቀንስ መድኃኒትና የሦስት ወር ቀጠሮ ይዛ ወጣች።

ብዙ ሴት ደብተሯን የምትዘጋው እዚህ ላይ ነው። እሷ ግን ገና ኮሪደሩ ላይ ሳለች ሄሞግሎቢን 9.8፣ የመድኃኒቶቹን ስምና መጠን፣ «አይረኑን ከሻይና ከቡና ጋር አትውሰጂ» የተባለችውን፣ የቀጠሮዋን ቀን ጻፈች። በጥቅምት 20 የወር አበባዋ ሲመጣ መድኃኒቱን በየቀኑ ስንት እንደወሰደች ከነጥቡ ጎን አሰፈረች፤ ድምሩ 121 ሆነ። በኅዳር 18 ደግሞ 84።

ሐኪሙ በቀጠሮዋ ቀን «እንዴት ነሽ?» ብሎ ሲጠይቃት «ትንሽ ይሻለኛል» ማለት አላስፈለጋትም። አራቱን ቁጥሮች በተራ አሳየችው፦ 217፣ 198፣ 121፣ 84። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሕመሟን ነገሩት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ መድኃኒቱ እንደያዘላት። መድኃኒቱ ባይሠራ ኖሮም ያው ወረቀት ይናገር ነበር፤ ያኔ ሌላ ሕክምና ለመጀመር ተጨማሪ ሦስት ወር መጠበቅ አያስፈልግም። በኅዳሩ የወር አበባዋ ሁለተኛ ቀን ላይ ከነጥቡ ጎን አንድ ሌላ መስመር ሰፍሯል፦ «ነጩን ቀሚስ ለብሼ ሠራሁ።»